የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውልን አንብቦ መረዳት፡ መያዣን፣ የኪራይ ጭማሪንና የውል ማቋረጥን የሚመለከቱ አንቀጾች

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚገኙት የጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚደረጉ የቤት ኪራይ ውሎች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ገጽ የሚያልቁና ቀደም ሲል ከተዘጋጀ ቅጽ የሚገለበጡ ናቸው። ስም፣ የብሎክና የቤት ቁጥር፣ የኪራይ መጠንና ቀን ብቻ ይቀየራሉ፤ የቀሩት ቃላት እንዳሉ ይቀመጣሉ። በአከራይና በተከራይ መካከል የሚነሱት አብዛኞቹ ክርክሮች የሚመነጩት ግን ሳይነበቡ ከሚታለፉት ከእነዚሁ ቃላት ነው። ይህ ጽሑፍ አንድን ውል በምሳሌነት በመውሰድ መያዣን፣ ጭማሪንና ውል ማቋረጥን የሚመለከቱ አንቀጾች እንዴት ሊነበቡ እንደሚገባ ያብራራል።

ውሉ የሚነበብበት ሕግ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በሁለት ሕጎች ይገዛል። የመጀመሪያው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን ስለ ውል በጠቅላላውና ስለ ቤት ኪራይ በተለይ ይደነግጋል። ሁለተኛው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ቀርቦ እንዲረጋገጥና እንዲመዘገብ ያዛል፤ ውሉ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ለምዝገባ የሚቀርብበት ጊዜ 30 ቀናት ነው። በአዲስ አበባ ምዝገባው የሚከናወነው ቤቱ በሚገኝበት ወረዳ ነው።

ከቅጽ የተገለበጡ ውሎች መጨረሻ ላይ «ይህ ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው» የሚል ቃል የተለመደ ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ሲያነቡ በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ሁሉ የግድ ይፈጸማል ብለው ያምናሉ። ቁጥር 1731 ግን በተዋዋዮች መካከል እንደ ሕግ የሚቆጠረው በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል መሆኑን የሚናገር ነው። ስለዚህ አዋጁ የከለከለውን ነገር ተዋዋዮቹ ስለፈረሙበት ብቻ የሚፈቀድ አይሆንም። የሚከተለው ምሳሌ መነበብ ያለበት ይህንን በመያዝ ነው።

በምሳሌነት የተወሰደው ውል

ውሉ ለማብራሪያ ብቻ የተዘጋጀ ሲሆን ቃላቱ በተለመዱት ቅጾች ላይ ከሚገኙት ጋር ተመሳሳይ ናቸው። ቤቱ በጀሞ የሚገኝ ባለ አንድ መኝታ የጋራ መኖሪያ ቤት ነው። ወርኃዊ ኪራዩ ብር 12,000 ሲሆን ዘመኑ ከኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 30 ቀን 2019 ዓ.ም. እንደሆነ ተጽፏል። ለጉዳያችን ዋና የሆኑት አንቀጾች እነዚህ ናቸው፦

አንቀጽ 3፦ «ተከራይ ኪራዩን በየስድስት ወሩ በቅድሚያ ይከፍላል፤ የመጀመሪያውን ብር 72,000 ቁልፍ ሲረከብ በጥሬ ገንዘብ ከፍሏል።»

አንቀጽ 4፦ «ተከራይ ለቤቱ መያዣ ብር 12,000 ሰጥቷል፤ ቤቱን ሲለቅ ጉዳት ካለ ይታሰባል።»

አንቀጽ 5፦ «አከራይ የገበያውን ዋጋ አይቶ በማንኛውም ጊዜ ኪራይ መጨመር ይችላል።»

አንቀጽ 6፦ «አከራይ ቤቱን ለራሱ ሲፈልግ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያስለቅቃል። ተከራይ ለመልቀቅ ሲፈልግ ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ ያስታውቃል፤ ይህን ባያደርግ መያዣውን ያጣል።»

አንቀጽ 7፦ «ውሉን ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪው ብር 10,000 ገደብ ይከፍላል።»

ቀብድ፣ ቅድሚያ ክፍያና መያዣ

ቁልፍ ከመረከቡ በፊትና በሚረከብበት ቀን የሚከፈለው ገንዘብ በዕለት ተዕለት ንግግር በአንድ ስም ሲጠራ ይሰማል። በሕግ ፊት ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ አይመለስም ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠውም በውሉ ላይ የተጻፈው ስም ነው።

ቀብድ ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ እንዲሆን የሚሰጥ ገንዘብ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው የሰጠውን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ወገን ቢተው ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ ይመልሳል። ውሉ ከተፈጸመ ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከሚከፈለው ሒሳብ ይታሰባል። ስለዚህ ቤቱን ለማስያዝ በቅድሚያ ብር 3,000 የሰጠ ሰው ይህ ገንዘብ ከመጀመሪያው ወር ኪራይ የሚታሰብ መሆኑ በውሉ እንዲጻፍ ማድረግ አለበት። ካልተጻፈ ገንዘቡ ከደላላ ክፍያ ጋር ተቀላቅሎ ሊቀር ይችላል።

ቅድሚያ ክፍያ ገና ላልደረሰ ወር በአስቀድሞ የሚከፈል ኪራይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። በምሳሌው ውል የሁለት ወር ኪራይ ብር 24,000 ነው። አንቀጽ 3 ግን ብር 72,000 ስለሚጠይቅ ከጣሪያው በብር 48,000 ይበልጣል። እዚህ ላይ በቀላሉ የሚታለፍ ቃል «በየስድስት ወሩ» የሚለው ነው። ይህ ቃል ከፍተኛውን ቅድሚያ ክፍያ በመግቢያው ቀን ብቻ ሳይሆን በዘመኑ ሁሉ ይደጋግመዋል። «በየሦስት ወሩ በቅድሚያ» የሚል ውልም ያው ጉድለት አለበት።

ቅድሚያ ክፍያን በተመለከተ ሌላው ግልጽ መሆን ያለበት ነገር ገንዘቡ የሚሸፍናቸው ወራት ናቸው። አከራዩ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት፣ ተከራዩ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት እንደሚሸፍን አስበው ሲፈርሙ ልዩነቱ የሚታወቀው በመልቀቂያው ሰዓት ነው። «ብር 24,000 የኅዳርና የታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ኪራይ ነው» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይህን ክርክር ያስቀራል።

መያዣ፣ በተለምዶ ዲፖዚት የሚባለው፣ ኪራይ አይደለም። ንብረትነቱ የተከራዩ ሆኖ በአከራዩ እጅ የሚቆይ ሲሆን ዓላማው ተከራዩ ሊያደርስ ለሚችለው ጉዳትና ላልተከፈለ ዕዳ ዋስትና መሆን ነው። በምሳሌው አንቀጽ 4 «ጉዳት ካለ ይታሰባል» ይላል እንጂ ገንዘቡ እንደሚመለስ፣ መቼ እንደሚመለስና ጉዳቱን ማን እንደሚገምት አይናገርም። የተሟላ የመያዣ አንቀጽ አራት ነገሮችን ይይዛል፦ የገንዘቡን መጠን፣ ሊቀነሱ የሚችሉ ወጪዎችን፣ የመመለሻውን ቀንና የርክክብ መዝገቡን። መያዣውና ቅድሚያ ክፍያው ተደምረው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጡ ማድረግ ደግሞ በምዝገባ ጊዜ ጥያቄ እንዳይነሳ ይረዳል። በምሳሌው ውል ብር 12,000 የአንድ ወር ቅድሚያ ክፍያና ብር 12,000 መያዣ በድምሩ ብር 24,000 ይሆናሉ።

ከመያዣው ምን ይቀነሳል?

ተከራይ ቤቱን በተረከበበት ሁኔታ የመመለስ ግዴታ አለበት። ነገር ግን በአግባቡ ሲኖርበት በጊዜ ብዛትና በተለመደ አገልግሎት ምክንያት ለደረሰ እርጅና ኃላፊ አይሆንም። የግድግዳ ቀለም መደብዘዝ፣ የወለል መፋቅና የቧንቧ ጎማ ማለቅ ከእርጅና የሚመደቡ ናቸው። የተሰበረ መስታወት፣ የተነቀለ የበር ቁልፍና በተከራዩ ጥፋት የተዘጋ የፍሳሽ መስመር ግን ከጉዳት ይቆጠራሉ።

ልዩነቱን በማስረጃ ማሳየት የሚቻለው በመግቢያው ቀን የተደረገ የርክክብ መዝገብ ካለ ነው። መዝገቡ የበሮችን፣ የመስኮቶችን፣ የመብራት ማብሪያዎችን፣ የመታጠቢያና የወጥ ቤት ዕቃዎችን ሁኔታ፣ የቁልፎችን ብዛት፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪዎችን ንባብ ይይዛል፤ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበታል። ቀን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ቢያያዝ ይመረጣል። በጋራ መኖሪያ ቤቶች የጥበቃ፣ የጽዳትና የውኃ ማጠራቀሚያ መዋጮዎችም ስላሉ እነዚህን የሚከፍለው ማን እንደሆነ በውሉ ሊጻፍ ይገባል። ካልተጻፈ ማኅበሩ የሚጠይቀው ውዝፍ መዋጮ በመጨረሻ ከመያዣው እንዲቀነስ ሊጠየቅ ይችላል።

በምሳሌው ተከራዩ ከለቀቀ በኋላ የነበረውን ሒሳብ እንመልከት። ያልተከፈለ የመብራትና የውኃ ሒሳብ ብር 1,150 ሆኗል። አንድ የመስኮት መስታወትና የበር ቁልፍ ለመቀየር ብር 1,800 ወጥቷል፤ ሁለቱም በመግቢያው መዝገብ ደህና እንደነበሩ ተመዝግቧል። አከራዩ በተጨማሪ ቤቱን ቀለም ለማስቀባት ብር 6,000 ጠይቋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወጪዎች ከመያዣው ይቀነሳሉ። ቀለሙ በጊዜ ብዛት የደበዘዘ በመሆኑ አይቀነስም። ስለዚህ ከብር 12,000 ላይ ብር 2,950 ተቀንሶ ብር 9,050 ለተከራዩ ይመለሳል። ለተቀነሰው ገንዘብ አከራዩ ደረሰኝ ማሳየት ይጠበቅበታል።

የኪራይ ጭማሪ

አንቀጽ 5 አከራዩ በማንኛውም ጊዜ፣ በፈለገው መጠን እንዲጨምር የሚፈቅድ ነው። አዋጁ ይህን ሥልጣን ወስኖታል። ጭማሪ ሊደረግ የሚችለው ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሰኔ ወር መጨረሻ ለሕዝብ በሚያሳውቀው መጠን ብቻ ነው። አከራዩ ከተገለጸው መጠን በታች ሊጨምር ወይም ጭራሹን ላይጨምር ይችላል፤ ከዚያ በላይ መጨመር ግን አይችልም። ስለሆነም አንቀጽ 5 «ጭማሪ የሚደረገው በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ከሚያሳውቀው መጠን ሳይበልጥ ነው» ተብሎ ሊስተካከል ይገባል።

ስሌቱ የሚነሳው በተመዘገበው ውል ላይ ካለው ኪራይ ነው። ለማስላት ያህል የተገለጸው ጣሪያ ከመቶ አምስት ነው ብንል፣ ብር 12,000 በብር 600 አድጎ ብር 12,600 ይሆናል። አከራዩ የዋጋ ንረትን ወይም የጎረቤትን ቤት ኪራይ ጠቅሶ ብር 15,000 ቢጠይቅ፣ ከብር 12,600 በላይ ያለው ብር 2,400 ሕጋዊ መሠረት አይኖረውም።

በዚህ ረገድ በተደጋጋሚ የሚታይ ችግር በወረቀት ላይ ዝቅተኛ ኪራይ ጽፎ በእጅ ከፍ ያለ ገንዘብ መቀባበል ነው። ለምሳሌ ውሉ ብር 7,000 እያለ በተግባር ብር 12,000 ሊከፈል ይችላል። ይህ አሠራር ሁለቱንም ወገኖች ይጎዳል። አከራዩ የተመዘገበው ብር 7,000 ስለሆነ ጭማሪውም፣ ተከራዩ ሳይከፍል ቢቀር የሚጠይቀው ውዝፍ ኪራይም በዚያ ላይ ተመሥርቶ ይሰላል። ተከራዩ ደግሞ ለከፈለው ተጨማሪ ብር 5,000 ማስረጃ ስለማይኖረው ቅድሚያ ክፍያውን ወይም መያዣውን ሲጠይቅ ዝቅተኛው መጠን ይጠቀስበታል። አዋጁ ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲከፈል የሚያዘውም የክፍያ ማስረጃ እንዲኖር ጭምር ነው። በአንቀጽ 3 ላይ «በጥሬ ገንዘብ» የሚለው ቃል በአከራዩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር መተካት አለበት። ተከራይም በሚያስገባበት ጊዜ የወሩንና የክፍያውን ምክንያት፣ ለምሳሌ «የየካቲት ኪራይ» ወይም «መያዣ» ብሎ ማስፈር ይጠቅመዋል።

ከጊዜው በፊት ውል ማቋረጥ

በምሳሌው ውል ዘመኑ አንድ ዓመት ተብሎ ተጽፏል። አዋጁ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ያነሰ እንዳይሆን ስለሚደነግግ የውሉ ማብቂያ ጥቅምት 30 ቀን 2020 ዓ.ም. መሆን ነበረበት። የዘመኑ አንቀጽ ከማቋረጫው አንቀጽ ጋር አብሮ መነበብ ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው። ዘመኑ ሁለት ዓመት ሆኖ ከሥሩ አከራዩ በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ማስለቀቅ ይችላል ቢባል፣ ሁለት ዓመቱ ስም ብቻ ይሆናል። «ለራሱ ሲፈልግ» የሚለው ቃልም ማረጋገጫ የማይጠይቅ በመሆኑ አከራዩ ጭማሪ ለማስገኘት ሊጠቀምበት ይችላል። አንቀጽ 6 የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ስለዚህ ከውሉ ሊወጣ ይገባል።

ይህ ማለት አከራይ በዘመኑ ውስጥ ምንም መብት የለውም ማለት አይደለም። ተከራዩ ኪራይ በወቅቱ የማይከፍል፣ መኖሪያ ቤቱን ለንግድ የሚያውል፣ ቤቱን የሚጎዳ ወይም የጎረቤትን ሰላም በተደጋጋሚ የሚያውክ ከሆነ ውሉን ለማቋረጥ ምክንያት ይሆናል። እነዚህ ምክንያቶች በውሉ በስማቸው ቢዘረዘሩ «ተከራይ ያልተገባ ጠባይ ቢያሳይ» ከሚል ደፈናዊ ቃል ይሻላሉ።

ቤቱ ሲሸጥ ወይም በውርስ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ተከራዮች ወዲያውኑ ለመልቀቅ እንደሚገደዱ ያስባሉ። አዋጁ ግን ቤቱ በሽያጭ፣ በውርስ፣ በዕዳ ወይም በሌላ ምክንያት ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ለተከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይደነግጋል። «ቤቱ ከተሸጠ ውሉ ወዲያው ይቋረጣል» የሚል አንቀጽ ከዚህ ጋር አይጣጣምም። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ መሆኑና የደረሰበት ቀን መታወቁ አስፈላጊ ነው፤ ስድስቱ ወራት የሚቆጠሩት ከዚያ ቀን ነውና።

ተከራይ ቀድሞ መልቀቅ ሲፈልግ በምሳሌው ውል የተቀመጠው ግዴታ የሁለት ወር የጽሑፍ ማስታወቂያ ነው። ተከራዩ በሥራ ዝውውር ምክንያት በጥር 30 ቀን 2019 ዓ.ም. ለመልቀቅ ቢያስብ ማስታወቂያውን እስከ ታኅሣሥ 1 ቀን ድረስ ለአከራዩ ማድረስና የታኅሣሥንና የጥርን ኪራይ መክፈል ይኖርበታል። በስልክ ብቻ መናገር በውሉ ላይ ያለውን ግዴታ አያሟላም። ማስታወቂያው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አከራዩ በአንደኛው ላይ «ተቀብያለሁ» ብሎ ቀን ጽፎ ቢፈርምበት በቂ ማስረጃ ይሆናል።

የአንቀጽ 6 ማብቂያና አንቀጽ 7 አንድ ላይ ሲነበቡ ሌላ ጉዳይ ይታያል። ተከራዩ ሳያስታውቅ ቢለቅ መያዣውን ብር 12,000 ያጣል፤ በዚያው ጥፋት ገደብ ብር 10,000 ደግሞ ሊጠየቅ ይችላል። በድምሩ ብር 22,000 ማለት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ተዋዋዮች የኪሣራውን መጠን በገደብ አስቀድመው እንዲወስኑ ይፈቅዳል። ነገር ግን ለአንድ ጥፋት ሁለት ክፍያ እንዳይጠየቅ ውሉ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መርጦ መጻፍ አለበት። ገደቡ ለሁለቱም ወገኖች እኩል የሚሠራ መሆኑም መታየት አለበት፤ መያዣ የሚያጣው ተከራዩ ብቻ ሆኖ አከራዩ ከጊዜው በፊት ቢያስለቅቅ የሚከፍለው ነገር ከሌለ ሚዛኑ የተዛባ ነው።

ክርክር ቢነሳ አከራይ በራሱ ሥልጣን ቁልፍ መቀየር፣ መብራትና ውኃ ማቋረጥ ወይም ዕቃ ማውጣት አይችልም። እንዲህ ያለ ድርጊት የተፈጸመበት ተከራይ በፍርድ ቤት «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ተከራይም በበኩሉ በመያዣው ተማምኖ የመጨረሻውን ወር ኪራይ መከልከል የለበትም፤ መያዣው ለጉዳት እንጂ ለኪራይ የተሰጠ ካልሆነ ራሱን ውል አፍራሽ ያደርገዋል።

ውሉ ሲስተካከል

የምሳሌው አንቀጾች ከላይ በተገለጸው መሠረት ሲታረሙ እንደሚከተለው ይነበባሉ፦

«የውሉ ዘመን ከኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 30 ቀን 2020 ዓ.ም. ድረስ ሁለት ዓመት ነው። ተከራይ የኅዳር 2018 ዓ.ም. ኪራይ ብር 12,000 በቅድሚያ፣ እንዲሁም መያዣ ብር 12,000 በአከራይ የባንክ ሒሳብ ገቢ አድርጓል። መያዣው ከተከራይ ጥፋት ለደረሰ ጉዳትና ላልተከፈለ የመብራትና የውኃ ሒሳብ ብቻ የሚውል ሲሆን ቀሪው ቤቱ በተመለሰ በ15 ቀን ውስጥ ለተከራይ ይመለሳል። የርክክብ መዝገቡ የዚህ ውል አካል ነው። ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ከሚያሳውቀው መጠን ሳይበልጥ ነው። ተከራይ ከዘመኑ በፊት ለመልቀቅ ሲፈልግ የሁለት ወር የጽሑፍ ማስታወቂያ ይሰጣል።»

እዚህ ላይ የተጠቀሰው የ15 ቀን የመመለሻ ጊዜ በተዋዋዮች ስምምነት የሚወሰን ነው።

ከመፈረም በፊትና ከተፈረመ በኋላ

ተከራይ ከመፈረሙ በፊት አከራዩ የቤቱ ባለቤት ወይም ሕጋዊ ወኪል መሆኑን በባለቤትነት ማስረጃና በመታወቂያ ማመሳከር አለበት፤ በወኪል ከሆነ የውክልናው ወረቀት ማከራየትንና ገንዘብ መቀበልን የሚፈቅድ መሆኑ ይታያል። በጀሞ ባለቤቶቻቸው በሌላ ቦታ ወይም በውጭ አገር የሚኖሩ ቤቶች ስላሉ ይህ ሊዘለል አይገባም። መያዣን የመመለስ ግዴታ ያለበት ሰው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ከዚህ ነው።

ከተፈረመ በኋላ ሁለቱ ወገኖች በ30 ቀናት ውስጥ ውሉን፣ መታወቂያቸውንና የቤቱን ማስረጃ ይዘው ቤቱ በሚገኝበት ወረዳ ለምዝገባ ይቀርባሉ። ሳያስመዘግቡ መቅረት በአዋጁ መሠረት ያስቀጣል። በኋላ በኪራይ መጠን ወይም በዘመን ላይ የሚደረግ ማሻሻያም በጽሑፍ ሆኖ ለዚያው ጽሕፈት ቤት ሊቀርብ ይገባል። ከተገለጸው መጠን በላይ ጭማሪ የተጠየቀ፣ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ የተጠየቀ ወይም ከዘመኑ በፊት እንዲለቅ የተነገረው ተከራይ የተመዘገበውን ውልና የባንክ ደረሰኞቹን ይዞ ቅሬታውን ለዚሁ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። ውዝፍ ኪራይ ወይም የጉዳት ካሣ የሚጠይቅ አከራይም የሚያቀርበው ማስረጃ ይኸው የተመዘገበ ውልና የርክክብ መዝገቡ ነው።